ከሞጆ ጅቡቲ ደርሶ መልስ፦ የጭነት መኪና ካርቦን እንዴት ይለካል፣ በምንስ ይቀንሳል?

አውሮፓ ያለ ቡና ገዢ «ይህ ቡና እኔ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ኪሎ ካርቦን ወጣበት?» ብሎ ላኪውን ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በትራንስፖርት ድርጅቱ የስምሪት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚላከው መልስ ከኢንተርኔት የተቀዳ አማካይ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር በሌላ አገር መንገድ፣ በሌላ መኪና የተሠራ ስለሆነ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ የሚወጣውን የእኛን መኪና አይገልጸውም። ትክክለኛውን ቁጥር ለማውጣት የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ አብዛኛው በእጃችን ነው፦ የናፍጣ ደረሰኝ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ንባብ እና የሚዛን ወረቀት። ከዚህ በታች የማሳየው አንድ ባለተሳቢ መኪና ከሞጆ ተነሥቶ ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ ልኬቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከዚያም ቁጥሩ በእውነት የሚቀንሰው በየት በኩል እንደሆነ ነው።

ከሊትር ወደ ኪሎ

አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 86 በመቶ የሚሆነው ካርቦን ነው። ናፍጣው ሲቃጠል ካርቦኑ ከአየር ኦክስጅን ይዞ ስለሚወጣ ክብደቱ 3.67 እጥፍ ይሆናል። ከአንድ ኪሎ የሚያንሰው ናፍጣ ከጭስ ማውጫው ወደ 2.7 ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በሥራ ላይ በሰፊው የሚጠቀሙበት ቁጥር 2.68 ነው። ከዚህ በኋላ በኪሎና በግራም «ካርቦን» ስል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማለቴ ነው።

ይህ ግን ሞተሩ ውስጥ የተቃጠለውን ብቻ ይነግረናል። ድፍድፉን ለማውጣት፣ ለማጣራትና እስከ ማደያው ለማድረስ የወጣው ሲጨመር ለአንድ ሊትር ወደ 3.2 ኪሎ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የትራንስፖርት ልቀት ስሌት ደረጃ፣ አይኤስኦ 14083፣ የሚጠይቀው ሙሉውን ሰንሰለት ነው። ስለዚህ ለደንበኛ በሚሰጥ ሪፖርት 3.2ን ይጠቀሙ፤ ከቁጥሩ አጠገብም የትኛውን እንደወሰዱ ይጻፉ። አንዱ ድርጅት በ2.68፣ ሌላው በ3.2 አባዝቶ ሲቀርብ አንደኛው ያለ ምንም ሥራ ከሌላው 16 በመቶ የተሻለ መስሎ ይታያል።

ሙሉ በሙሉ የመሙላት ዘዴ

ጭስ ማውጫው ላይ መሣሪያ መግጠም አያስፈልግም። ካርቦኑ ያለው ናፍጣው ውስጥ ስለሆነ፣ ናፍጣውን በትክክል የለካ ካርቦኑን ለካ።

መኪናው ከሞጆ ከመውጣቱ በፊት ጋኑ እስከ አፉ ይሞላ። መኪናው በተስተካከለ መሬት ላይ መቆሙን ያረጋግጡ፤ ጋደል ካለ ጋኑ ሳይሞላ የሞላ ይመስላል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ በፎቶ ይያዝ። በመንገድ ላይ በየትኛውም ማደያ የተቀዳ ሊትር ሁሉ ከቀኑና ከቆጣሪው ንባብ ጋር ይመዝገብ። በጀሪካን የተያዘ መጠባበቂያ ካለም ይቆጠር። ሲመለስ በዚያው ማደያ፣ ቢቻል በዚያው ፓምፕ፣ እንደገና እስከ አፉ ይሞላ። በመንገድ የተቀዳውና በመጨረሻ የተሞላው ሲደመር ጉዞው የበላው ናፍጣ ነው። መነሻ ላይ የተሞላው አይደመርም፤ እርሱ ያለፈው ጉዞ ሒሳብ ነው። ይህችን ነጥብ ስተው አንዱን ናፍጣ ሁለት ጊዜ የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው።

ልኬቱ የግድ ደርሶ መልስ መሆን አለበት። ምክንያቱ ዳገቱ ነው። አንድ ቶን ክብደትን 1,800 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ፣ የመንገዱና የነፋሱ መቋቋም ሳይታሰብ፣ 1.2 ሊትር ያህል ናፍጣ ይሄዳል። ጭነቱና የራሱ ክብደት ተደምሮ 55 ቶን የሆነ መኪና ለከፍታው ብቻ ከ65 ሊትር በላይ ያቃጥላል ማለት ነው። የመውረጃውን ብቻ የለካ ራሱን ጎበዝ ያደርጋል፤ የመውጫውን ብቻ የለካ ሾፌሩን ይበድላል።

ቁጥሩ ሲዋሽ

መረጃ መሰብሰብ ከጀመርኩ በኋላ በአንድ ወር ፍጆታችን በአንድ አምስተኛ ወርዶ አገኘሁት። ደስታዬ አንድ ቀን አልቆየም። ሰንጠረዡን ለአንድ አንጋፋ ሾፌር ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውጥተው በጣታቸው አንዱን መስመር ያዙ። «ልጄ፣ ይህ መኪና አርባ ቶን ጭኖ ከጋላፊ ሚሌ የወጣው በንፋስ ነው?» አሉኝ። ጅቡቲ ውስጥ የተቀዳው ናፍጣ ደረሰኝ አልተመለሰም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከስሌት በፊት ሁልጊዜ የማየው በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሄደ ነው። ደርሶ መልሱ ከለመደው በ10 በመቶ ከወረደ የጎደለ ደረሰኝ፣ በ10 በመቶ ከወጣ ደግሞ የጠፋ ናፍጣ ወይም ብልሽት አለ ብዬ እጀምራለሁ።

ስለጠፋ ናፍጣ በግልጽ መነጋገር ይገባል። በመንገድ ላይ ተቀድቶ የተሸጠ ናፍጣ በድርጅቱ መዝገብ ላይ የመኪናው ጭስ ሆኖ ይታያል። መኪናው ኮምፒውተር ያለው ከሆነ ሞተሩ የበላውን ሊትር ራሱ ይመዘግባል፤ ያንን ከደረሰኞቹ ድምር ጋር ማነጻጸር ነው። ኮምፒውተሩም በጥቂት በመቶ ሊስት ይችላል፤ ልዩነቱ ሁልጊዜ እኩል ከሆነ መሣሪያው ነው፤ በአንዳንድ ጉዞ ብቻ ብቅ የሚል ከሆነ ግን ናፍጣው ነው።

ጭነቱንም በወረቀት ላይ ከተጻፈው ሳይሆን ከሚዛን ወረቀቱ ይውሰዱ። «400 ኩንታል» የተባለው ሁሉ 40 ቶን አይደለም።

ስሌቱ በአንድ ጉዞ

ምሳሌ እንሥራ። መኪናው ባዶውን ወደ ጅቡቲ ወርዶ 40 ቶን ማዳበሪያ ይዞ ተመለሰ እንበል። የአንድ መንገዱን ርቀት 850 ኪሎ ሜትር እንያዝ። ሲወርድ 260 ሊትር፣ ሲወጣ 470 ሊትር፣ በድምሩ 730 ሊትር በላ። ሥራው የሚለካው በቶን ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ቶን ጭነት አንድ ኪሎ ሜትር ሲጓጓዝ አንድ ቶን ኪሎ ሜትር ይባላል።

```
730 ሊትር × 3.2 ኪሎ = 2,336 ኪሎ ካርቦን
40 ቶን × 850 ኪሎ ሜትር = 34,000 ቶን ኪሎ ሜትር
2,336,000 ግራም ÷ 34,000 = 68.7 ግራም በቶን ኪሎ ሜትር
```

የባዶው መውረጃ ናፍጣ ከላይ ገብቷል፤ ከታች ግን ምንም ቶን ኪሎ ሜትር አልጨመረም። መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው፤ መኪናው ባዶውን የወረደው ማዳበሪያውን ለማምጣት ነውና። የመውጫውን 470 ሊትር ብቻ ብንወስድ ውጤቱ 44 ግራም ይሆን ነበር። አንድ ድርጅት ከሌሎች እጅግ ያነሰ ቁጥር ሲያቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ባዶ ጉዞው ገብቷል ወይ?» የሚል ነው።

አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ለቶን ኪሎ ሜትሩ የሚገባው ርቀት በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው የአጭሩ መንገድ ርቀት ነው፤ ቆጣሪው ያነበበው አይደለም። ሾፌሩ ለግል ጉዳይ 60 ኪሎ ሜትር ቢዞር ናፍጣው ይቆጠራል፤ ርቀቱ ግን አይቆጠርም። በቆጣሪው ንባብ ካባዛን ብዙ የዞረ መኪና የበለጠ «ሥራ» የሠራ ይመስላል።

ትልቁ ቅናሽ ያለው በባዶው ጉዞ ላይ ነው

ከላይ ያለው መኪና ወደ ጅቡቲ ሲወርድ 15 ቶን ቡና ይዞ ቢሆንስ? የመውረጃው ናፍጣ በ50 ሊትር ያህል ይጨምራል እንበል፤ ድምሩ 780 ሊትር፣ ካርቦኑ 2,496 ኪሎ ይሆናል። ቶን ኪሎ ሜትሩ ግን በ12,750 አድጎ 46,750 ይደርሳል። ውጤቱ ወደ 53.4 ግራም ይወርዳል፤ 22 በመቶ ቅናሽ ነው። የላኪው ድርሻ ሲወጣ፣ 12,750 በ53.4 ተባዝቶ 681 ኪሎ፣ ለአንድ ኪሎ ቡና 45 ግራም ነው። ያ አውሮፓዊ ገዢ የጠየቀው ቁጥር የመንገዱ ክፍል ይኸውና።

እዚህ ላይ ራስን አለማታለል ያስፈልጋል። የዚህ መኪና ጠቅላላ ካርቦን በ160 ኪሎ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። እውነተኛው ቅናሽ የሚገኘው፣ ያንን ቡና ብቻውን ይዞ ወርዶ ባዶውን ሊመለስ የነበረ ሌላ መኪና ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ነው። ያ ሁለተኛው መኪና ደርሶ መልስ 610 ሊትር ይበላ ነበር ብንል፣ 50 ሊትር ጨምረን 610 ሊትር አስቀረን ማለት ነው። ልዩነቱ 560 ሊትር፣ ወደ 1.8 ቶን ካርቦን ነው። ከዚህ የሚበልጥ ቅናሽ በአንድ ጉዞ የሚሰጥ መሣሪያ አላውቅም።

ታዲያ ሁሉም ለምን አያደርገውም? ኢትዮጵያ የምታስገባው ዕቃ ከምታስወጣው በክብደት እጅግ ይበልጣል፤ ለሁሉም መኪና የሚበቃ የወጪ ጭነት የለም። በዚያ ላይ ቡናና ሰሊጥ በብዛት የሚሄዱት በኮንቴነር ነው፤ ማዳበሪያና ስንዴ ሊያመጣ የሚወርደው ተሳቢ ደግሞ ኮንቴነር ማሰሪያ መቆለፊያ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ከመኪኖቹ ውስጥ መቆለፊያ ያላቸውን ለይቶ መመዝገብ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ ጭነት የሚፈለገው መኪናው ሞጆ ገብቶ ካራገፈ በኋላ መሆኑ ቀርቶ ገና ከጅቡቲ ሲነሣ መሆን አለበት፤ የመንገዱ ሁለት ሦስት ቀን ለስምሪት ክፍሉ የመፈለጊያ ጊዜ ነው። እስከ ጅቡቲ የሚሄድ ካልተገኘ እስከ ሰመራ ወይም ሎግያ የሚወርድ ሲሚንቶና የምግብ እህል ከባዶው ይሻላል። ባዶው ርቀት በግማሽ ያህል ያጥራል።

መኪናው ጭነት ሲጠብቅ ቢውል ግን ኪሳራው ከናፍጣው ይበልጣል። ጭነቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተረጋገጠ ባዶውን ይሂድ የሚል ግልጽ ወሰን ማስቀመጥ ክርክርን ይቀንሳል።

ቆሞ የሚቃጠል ናፍጣ

ጅቡቲ ወደብ አካባቢ ተራ ሲጠበቅ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ሾፌሩ የሚተኛው ጋቢና ውስጥ ነው፤ ማቀዝቀዣው እንዲሠራ ሞተሩ አይጠፋም። ከባድ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ይበላል። 20 ሰዓት እንደዚያ ከቆየ 60 ሊትር ሄደ፤ ከላይ ባየነው ጉዞ ላይ 8 በመቶ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሄድ።

«ሞተር አጥፉ» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ እዚህ ላይ አይሠራም፤ አግባብም አይደለም። በዚያ ሙቀት ያልተኛ ሾፌር በማግሥቱ 40 ቶን ይዞ ዳገት ይወጣል። መፍትሔው ያለው ስምሪት ላይ ነው። ጂፒኤሱ ፍጥነት ዜሮ ሆኖ ሞተር የተነሣበትን ሰዓት ለይቶ ያሳያል፤ ያንን በየቦታው ደምሩ። በእኛ መዝገብ አብዛኛው ሰዓት የተከማቸው መኪናው ሰነዱ ሳያልቅ ጅቡቲ በመድረሱ ነበር። ሰነዱ እስኪያልቅ መኪናው ከሞጆ ባይነሣ፣ ወይም ሾፌሩ ሰመራ ላይ አልጋ ይዞ ቢያድር፣ የአልጋው ዋጋ ከናፍጣው ያንሳል። የሁለቱን ደረሰኝ ጎን ለጎን አስቀምጦ ለአለቃ ማሳየት ነው።

ቁልቁለቱ፣ ፍጥነቱና ፎሌ

ብዙ ድርጅቶች ናፍጣ ለቆጠበ ሾፌር ጉርሻ ይሰጣሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጉርሻው በሊትር ብቻ ከተቆረጠ አደጋ ይወልዳል። ሾፌሩ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፎሌ አድርጎ መኪናውን ይለቀዋል። ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሲሠራ ስለሚሰማው የቆጠበ ይመስለዋል። በዘመናዊ ሞተር ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ መኪናው ማርሽ ላይ ሆኖ የነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ የናፍጣው መርጫ ጨርሶ ይዘጋል፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መብላቱን ይቀጥላል። በዚያ ላይ የሞተር ፍሬን ስለሌለ ሸክሙ ሁሉ የጎማ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ይግላል፤ ከዚያ መያዙን ይተዋል። ይህንን ለሾፌሮች በቃል ከመንገር በመኪናው ኮምፒውተር ላይ ማሳየት ይሻላል፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ የፍጆታው ቁጥር ዜሮ ሲሆን በዓይናቸው ሲያዩት ያምናሉ።

ጉርሻው ደግሞ ለእያንዳንዱ መኪና ዓይነትና ጭነት በተለየ መነሻ ይሰላ። አሮጌ መኪና የያዘውን ሾፌር ከአዲሱ ጋር በአንድ ሚዛን መመዘን ልኬቱን ያስጠላል፤ ልኬቱ ከተጠላ ደረሰኙ መምጣቱን ያቆማል።

ፍጥነትን በሚመለከት፣ ባዶ መኪና ላይ ትልቁ ተቃዋሚ ነፋሱ ነው፤ የነፋሱ ግፊት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ሾፌሮች የሚቸኩሉት ግን በትክክል ባዶውን ሲወርዱ ነው። ከ90 ወደ 75 መውረድ የነፋሱን ግፊት በ30 በመቶ ይቀንሳል። ቁጠባውን አብዝቶ የሚሰጠውም ከአዋሽ በታች ያለው ሜዳ ነው።

ጎማ፦ በጠዋት እንጂ በቀትር አይደለም

ባለ 22 ጎማ መኪና ላይ የጎማዎቹ አየር በ10 ፒኤስአይ ሲጎድል ፍጆታው 1 በመቶ ያህል ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ለማስተካከል የሚጠይቀው አየር ብቻ ነው። በዚህ መስመር ላይ የተለመደ ስሕተት አለ። ሚሌ አካባቢ በቀትር ጎማው ግሎ ግፊቱ ሲጨምር ሾፌሩ «እንዳይፈነዳ» ብሎ አየር ያስተነፍሳል። አዳማ ደርሶ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ጎማው ከሚገባው በታች ይሆናል። አየር የጎደለው ጎማ ደግሞ ጎኑ አብዝቶ ስለሚታጠፍ ይበልጥ ይግላል፤ የተፈራውም ፍንዳታ የሚመጣው በዚህ ነው። አየር የሚለካው መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ በቀዝቃዛ ጎማ፣ በጠዋት ነው። የጋለ ጎማ አይተነፈስም።

ኤሌክትሪክስ?

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን 40 ቶን ይዞ ከጅቡቲ ሞጆ ለመውጣት በኪሎ ሜትር 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ ብንይዝ ወደ 1,300 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ይህ ዛሬ ከባድ መኪኖች በተለምዶ ከሚይዙት ባትሪ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ በመንገድ ላይ ከባድ መኪና የሚሞላ ኃይለኛ ጣቢያ ያስፈልጋል። ከሞጆ አዲስ አበባ ግን ርቀቱ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልሱን አንድ የሌሊት ሙሌት ይሸፍነዋል። የመጀመሪያውን ኤሌክትሪክ መኪና መሞከር የምፈልገው በዚያ መስመር ነው። ረጅሙን መንገድ በተመለከተ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ኮንቴነሩ በባቡር ከመጣ፣ ድርጅቱ ከባቡር ጣቢያው እስከ መጋዘኑ ያለውን ይዞ ለደንበኛው የሁለቱን ድምር ማቅረብ ይችላል።

ቅናሹ እውነት መሆኑን ማወቅ

ጋን በተሞላ ቁጥር እስከ 20 ሊትር ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ማደያ አረፋው እስኪበርድ ይጠብቃል፣ ሌላው አይጠብቅም። ከ730 ሊትር ላይ 20 ሊትር ወደ 3 በመቶ ነው። ስለዚህ ጎማ አስተካክዬ በአንድ ጉዞ 2 በመቶ ቀነስኩ የሚል ሰው ያየው ጎማውን ሳይሆን የማደያውን አረፋ ሊሆን ይችላል። አሥር ተከታታይ ጉዞ ቢደመር ግን በመካከል ያሉት ሙሌቶች አንዱ የሌላውን ስሕተት ያጠፋሉ፤ የሚቀረው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሙሌት ልዩነት ብቻ ነው፤ 20 ሊትር ከ7,300 ላይ 0.3 በመቶ። የጎማው 2 በመቶ ያኔ በግልጽ ይታያል።

ስለዚህ አንድ ለውጥ ሲያደርጉ አምስት መኪና ይለውጡ፣ አምስቱን እንዳሉ ይተዉ፤ ሁሉም በዚያው መስመር፣ በተቀራረበ ጭነት አሥር አሥር ጊዜ ይመላለሱ። ያልተለወጡት አምስቱ በተመሳሳይ መጠን ከቀነሱ ቅናሹ የመጣው ከአየሩ፣ ከመንገድ ጥገናው ወይም ከቀነሰው ወረፋ ነው፤ በሪፖርቱ ላይም እንደዚያው ይጻፍ።